እንደ ጾም ጠብቂው

እጅጋየሁን ሸዋ ሮቢት ላይ መልኳን ባያይ እንኳ ድምጿን የማያውቅ አልነበረም። የአዲስ አበባውም የደሴውም አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም፣ መንገደኛው ወበቁን እየረገመ ከእትዬ ሸዋዬ ምግብ ቤት ይገባል። ወንበር ስቦ ላቡን ሳይጠርግ የእጅጋየሁ ድምፅ ግቢውን አቋርጦ ወጥ ቤት ይደርሳል። ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ግቢው ማዶ ነው። እሷ የጓሮ በሩ ላይ ትቆምና ትጣራለች፤ እዚያ ማዶ ወጥ ሠሪዋ አስካለ «እሺ» ብላ ትቀበላለች። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ካስቆጠራት ወዲህ መጻፉን ታውቅበታለች፤ ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ጽፎ ይጨርሰዋል? በራሷ ተማምና ነበር የምትሠራው። የአሥራ አምስት ሰው ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ጠርታ፣ አንዱን ከአንዱ ሳታማታ ታቀርብ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት አብረው ሲሠሩ የራሳቸው ቋንቋ አበጅተዋል። «ቶሎ» ካለች ሾፌሩ ጥሩምባ ጀምሯል ማለት ነው። «የእንግዳ» ካለች ደህና ደህናው ይጨለፍ። ከሁሉ የከበደው ቃል ግን «ጾም» ነው። እጅጋየሁ «ጾም» ብላ ከጠራች አስካለ እጇን ትታጠባለች፣ ቅቤ ነክቶት የማያውቀውን ጭልፋ ታነሳለች፣ ድስቱንም በተለየው ጉልቻ ላይ ትጥዳለች። አስካለ በዚህ ቀልድ አታውቅም። አንድ ጊዜ አንዲት ረዳቷ የፍስኩን ጭልፋ የጾሙ ምስር ውስጥ ስላስገባች፣ ድስት ሙሉ ወጥ ወስዳ ለጾም ለማይገደው ለጎረቤት ሰጥታለች። «የሰው ነፍስ ላስገድፍ?» ነበር ያለችው።

እጅጋየሁም ብትሆን በጾም ነገር አትታማም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ቀኑን ሙሉ ምግብ ተሸክማ ስትመላለስ፣ ሾፌሮቹ «እጅጋየሁ፣ ሽታው አላጠገበሽም?» እያሉ ያበሽቋታል። «ሽታ የሚያጠግብ ቢሆን እናንተን በር ላይ አቁሜ በሸኘኋችሁ» ትላቸዋለች።

ታሪኩ የሆነው ዓርብ ቀን ነው። ያን ሰሞን ከቀበሌ ሱቅ የሚታደለው ዘይት ጠፍቶ ነበር። ወረፋ ይያዛል፣ «አልመጣም» ይባላል፣ እንደገና ይያዛል። እትዬ ሸዋዬ ሲቸግራቸው ከአካባቢው ከቀወት ገበሬዎች ሰሊጥ ገዝተው አስጨመቁና የጾሙ ወጥ ሁሉ በሰሊጥ ዘይት መሠራት ጀመረ። በላተኛው ወደደው። እንዲያውም አስካለ ሰሊጥ ቆልታ እየወቀጠች ፍትፍት ጨመረችበት፤ ስሙ እስከ ጀውሃ ድረስ ተሰማ።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ገብቶ አዳራሹ ሲሞላ፣ አንድ ቀጭን ወጣት ጥጉ ላይ ከአንድ የቀወት ሽማግሌ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋራ። ሽማግሌው ጋሼ አስፋው ይባላሉ፤ ገበያ ሲወጡ እዚያች ቦታ ላይ ካልሆነ አይበሉም። ወጣቱ ይሁኔ የሚባል መምህር ነው፤ አጣዬ ተመድቦ ሻንጣውን ይዞ መሄዱ ነበር። እጅጋየሁ ስትደርስ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ጮክ ብሎ አላዘዘም። ጎንበስ እንድትልለት በእጁ ጠቆማት።

«እህቴ፣ ዓርብም ቢሆን ሽሮ በቅቤ እፈልጋለሁ። ግን ሰሊጥ የነካው ነገር አልችልም» አላት።

እጅጋየሁ ስንቱን ሰምታለች። ሽንኩርት የማይወድ፣ በርበሬ የሚያቃጥለው፣ ጎመን ሆዱን የሚነፋው። እንግዳ ማረጋጋት ደግሞ ልማዷ ነው። «ኧረ የለበትም ጋሼ፣ አይስጉ» አለችው፣ አፏ ቀድሟት።

እሱ ግን አልተረጋጋም። «ሳትጠይቂ የለበትም አትበይኝ። አለመውደድ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ቅንጣት ብትሆን፣ ዘይቱም ቢሆን፣ ሰሊጥ በነካ ማንኪያ ቢማሰል እንኳ ጉሮሮዬ ያብጥና ትንፋሽ ያጥረኛል። ባለፈው ዓመት ሰርግ ላይ በሰው ሸክም ነው ሐኪም ቤት የደረስኩት። ጠይቀሽ፣ ማድረግ ካልቻላችሁ አልችልም በይኝ። ደረቅ እንጀራም እበላለሁ።»

ይኼን ጊዜ ዓይኖቹን አየች፤ የሚያማርጥ ሰው ዓይን አልነበረም። ሁልጊዜ ምግብ ፊት ሲቀመጥ እንደሚፈራ ሰው ነበር የሚያየው። «እሺ፣ እኔ አለሁ» አለችው።

ከጠረጴዛው እስከ ጓሮ በር ያለው መንገድ ግን ያን ቀን ረዘመ። አንዱ ውሃ ይላታል፣ አንዷ ልጇን ታሲዛታለች፣ ሾፌሩ ደምመላሽ ገና ቁጭ ሳይል «ቶሎ በሉ፣ ጀንበሯ አታዘልቀንም» ይላል። በር ላይ ስትደርስ የስምንት ሰው ትእዛዝ ምላሷ ላይ ተደርድሯል። ጠራችው። የመምህሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ያን ሁሉ፣ ጉሮሮውን፣ ሰርጉን፣ ማንኪያውን፣ ግቢ ማዶ እንዴት ተጮሆ ይነገራል? ከዚያ አንድ ነገር መጣላት፤ አስካለ ከሁሉ አስበልጣ የምትጠነቀቅበት ቃል አለ አይደል?

«አንድ ሽሮ! እንደ ጾም ጠብቂው! ምንም እንዳይነካው!»

«እሺ!» አለች አስካለ።

እጅጋየሁ ቀለል አላት። በዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ አደራ አልነበረም።

አስካለም አደራዋን ተወጣች። እጇን ታጠበች። ንጹሕ ሸክላ ድስት አወረደች። የጾሙን ጭልፋ ከተሰቀለበት አነሳች። ቅቤ የሚባል ነገር በአጠገቡ እንዳያልፍ ረዳቷን ገፋ አደረገቻት። ከዚያ ሽሮውን በዚያ ቤት የጾም ሽሮ እንደሚሠራው ሠራችው።

ምግቡ ሲወጣ እጅጋየሁ ሦስት ሳህን ተሸክማ ነበር። የመምህሩን ፊቱ አስቀምጣ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ዞረች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ አፍንጫዋ ያዛት። ሽሮው ቅቤ ቅቤ አይልም። የሚሸተው ሰሞኑን ግቢውን ሙሉ የሚሸተው ነገር ነው፤ ያ የተቆላ፣ ጣፋጭ ሽታ። ዞር ስትል መምህሩ እንጀራውን ቆርሶ፣ ጠቅሶ፣ እጁ ወደ አፉ መንገድ ጀምሯል።

ሳህኖቹን የት እንደጣለቻቸው እስከ ዛሬ አታስታውስም። የእጁን አንጓ ጨብጣ ያዘችው።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየ። አስተናጋጅ የማታውቀውን ወንድ እጅ ከአፉ ስትመልስ ታይቶ አይታወቅም። ከኋላ አንዱ «ሂሳቡን አስቀድም ነው እንዴ?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። ጣቶቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ ቀስ አድርጎ መለሰው።

«ዘይቱ ነው» አለችው። «የሰሊጥ ነው። አፍዎ ነካ?»

«አልነካም። እጄን ብቻ። ሳሙና አለ?»

ሳሙና ያን ዘመን እንደ ወርቅ ነው። እትዬ ሸዋዬ ከሳጥናቸው ቆልፈው የሚያስቀምጡትን ሽታ ያለው ሳሙና ለማንም አይሰጡም። እጅጋየሁ ሮጣ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ለማጉረምረም አፋቸውን ከፈቱና ፊቷን ሲያዩ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። መምህሩ እየደጋገመ ታጠበ። እጅጋየሁ ከእንስራው እየቀዳች ስታፈስለት ጣቶቹን ታያለች። ሳይቆይ በጣቶቹ መሐል ቀያይ እብጠት ብቅ ብቅ አለ።  እጁ ላይ እንዲህ ያደረገ ጉሮሮው ውስጥ ምን ሊያደርግ ነበር?

ሳህኑን ይዛ ወጥ ቤት የገባችው እየተቆጣች ነው። አስካለ ግን ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት።

«ምን አልሽኝ? እንደ ጾም ጠብቂው አላልሽኝም? እንደ ጾም ጠበቅሁት። ቅቤ ከነካው አንገቴን ቁረጪ።»

 አስካለ እውነቷን ነው። እጅጋየሁ እንዴት እንደሚጠበቅ ነግራታለች፤ ከምን እንደሚጠበቅ ግን አልነገረቻትም። ያ የጾሙ ጉልቻ፣ በሌላ ቀን ከሁሉ ንጹሕ የሆነው ጥግ፣ ያን ሰሞን ለዚያ ሰው መርዝ የሞላበት ነበር። ከሁሉ በተከበረው ቃል ልታድነው ብላ ቀጥታ ወደ መርዙ ሰዳዋለች።

አስካለ ነገሩን ስትረዳ ቁጣዋ ወደ ድንጋጤ ዞረ። ቶሎ ልትክስ ፈለገች፤ ሽሮውን ከሳህኑ ገልብጣ፣ እንጀራውን በጨርቅ ጠረግ አድርጋ፣ የቅቤውን ሽሮ በዚያው ላይ ልታፈስ ጭልፋ አነሳች። «ይኸው፣ አወጣሁለት» አለች።

«ተይ አስካለ። ተጠርጎ አይወጣም። የጾም ምስር ላይ ቅቤ ቢፈስብሽ ጨልፈሽ አውጥተሽ ለጾመኛ ትሰጪያለሽ?»

አስካለ ጭልፋውን አስቀመጠች። ይኼ ገባት። ከዚህ በኋላ ነው ሁለቱ፣ ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ፊት ለፊት ቆመው ወጥ ቤታቸውን እንደ አዲስ ያዩት። የቅቤው ሽሮ ይቅረብለት? አስካለ አዎ ልትል ስትል ዓይኗ ጥግ ካለው ሙቀጫ ላይ ሄደ።

«ሰሊጡን የወቀጥኩት በዚህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በርበሬውንም። የሽሮውንም ቅመም።»

እጅጋየሁ የወጥ ቤቱ ግድግዳ የተጠጋባት መሰላት። የፍስኩም ድስት፣ የጾሙም ድስት፣ በርበሬ የገባበት ሁሉ አይታመንም ማለት ነው። ሄዳ «አልቻልንም» ልትለው አሰበች፤ እሱም እንዲያ በይኝ ብሏል። አስካለ ግን «እንቁላል» አለች። «ከነቅርፊቱ ብቀቅለውስ? ራሱ ይላጠው።»

እንቁላሉን ከቅርጫት አነሱ። ማሰሮዋ ለሕፃናት ወተት ብቻ የምትወርድ ትንሽ ማሰሮ ነበረች፤ ያም ሆኖ አስካለ በአመድና በፈላ ውሃ አሸቻት። እጇንም በእትዬ ሸዋዬ ሳሙና ታጠበች፣ ቀሚሷ ላይ አላበሰችም። ጨው ወጥ ቤት ካለው ቅል ሳይሆን ካልተፈታው ከረጢት ተወሰደ። እንጀራው? የተከፈተው መሶብ ከጧት ጀምሮ ስንት እጅ ገብቶበታል። ከጋጋሪዋ ቤት የመጣ ያልተፈታ ቅርጫት ነበር፤ እጅጋየሁ ጎረቤት ያለችውን ጋጋሪ በአጥር ላይ ጠርታ ምጣዱን በምን እንደምታስሰው ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሰው እየጠበቀ ይኼን መጠየቅ ምን ይሉታል እያለች «በጎመን ዘር ነዋ፣ በምን ሊሆን?» አለች። ሰሊጥ ቤቷ ገብቶ አያውቅም። እጅጋየሁ ሮጣ መምህሩን ጎመን ዘር ይጎዳው እንደሆነ ጠየቀች። አይጎዳኝም አለ። ተመለሰች።

«አሁን ንገሪኝ» አለቻት አስካለን፣ እንቁላሉ ሲፈላ። «ለማን ነው፣ ምን አይነካውም?»

«ጥግ ላለው መምህር። ሰሊጥ አይነካውም። ፍሬውም፣ ዘይቱም፣ የነካው ዕቃም» አለች አስካለ፣ ልክ እንደ ተማሪ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ አንድ ሳምንት በተሳሳቁ ነበር።

እጅጋየሁ ሳህኑን በንጹሕ ሳህን ከድና በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ሌላ ምንም አልደረበችም። ሰዉ «የእኔስ?» ይላታል፤ አልሰማችም።

አዳራሹ ግማሽ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ጋሼ አስፋው በያይነቱ ቀርቦላቸው ነበር። ያ ወጣት ምግቡ ተነጥቆበት ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ መቀመጡ አንጀታቸውን በልቶታል። እጃቸውን ሰብስበው፣ የሰሊጡን ፍትፍት በምስር ጠቅልለው ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅተዋል። ተነስተው በላዩ ላይ አጎንብሰዋል። «እንካ የኔ ልጅ፣ መንገደኛ አይራብም፤ በሞቴ» ይላሉ።

መምህሩ ወደ ኋላ ተለጥጦ ግድግዳው ይዞታል። አፉን ገጥሞ ራሱን ይነቀንቃል፤ አፉን ከፍቶ እንዳይናገር ጉርሻው ከከንፈሩ ስንዝር አይርቅም። እሳቸው ደግሞ ይሉኝታ መሰላቸው። የቀወት ሽማግሌ በሞቴ ብሎ የዘረጋውን ጉርሻ ማን ይመልሳል? እንዲያ ያለውን ነገር ሰውየው እስኪሞት አይረሳውም። እጅጋየሁ ጮኻ ብታስረዳ ጉርሻው ይቀድማታል፤ እጃቸውን ገፍታ እንዳትመልስ እጇ ተይዟል፤ ሳህኑን ብታስቀምጥ ያ ሁሉ ንጽሕና በጠረጴዛው ፍርፋሪ ላይ ሊያርፍ ነው።

እጅጋየሁ በመካከላቸው ገባች። ሳህኑን ወደ ጎን አርቃ ያዘችና አፏን ከፈተች።

«አባቴ፣ እኔን ያጉርሱኝ። ከጧት ጀምሮ አልቀመስኩም።»

ሽማግሌው ለአፍታ ግራ ገባቸው። ከዚያ ፊታቸው በራ። አጎረሷት። ሾፌሮቹ ከዳር ሆነው አዩ፤ ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም፣ ቀኑ ዓርብ ነው። «እጅጋየሁ ገደፈች!» አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ አስፋው ግን አልጨረሱም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ሳህኑን ከእሳቸው እጅ አርቃ እንደያዘች ሁለተኛውን ተቀበለች።

ውጣ እስክትጨርስ መናገር አልቻለችም። ከዚያ አንገቷን ወደ ሽማግሌው አዘንብላ ነገሩን አስረዳቻቸው። ጋሼ አስፋው እጃቸውን አዩት፤ እባብ የያዙ ይመስል ከጠረጴዛው አራቁት። «አላወቅሁም፣ ልጄን ልገድለው ነበር?» እያሉ ገበታቸውን ይዘው ሌላ ቦታ ሄዱ። እጅጋየሁ ጠረጴዛውን በሳሙና አጥባ ሳህኑን አስቀመጠች። መምህሩ እንቁላሉን ራሱ ላጠ።

ሲበላ አጠገቡ ቆማ አየችው። እያንዳንዱ ጉርሻ በእሷ ጉሮሮ ነበር የሚወርደው። ሲያስለው ደነገጠች፤ ውሃ ነው አላት። አንገቱን ሲያክ ደነገጠች፤ ላብ ነው አላት። ደምመላሽ ሞተሩን አስነስቶ ሲጮህ ወጥታ ጥቂት እንዲቆይላት ለመነችው። ጤና ጣቢያው እዚሁ ቅርብ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ከወጣ ሜዳ ነው። ደምመላሽ ስንት ነገር ተናገረ፤ ሆኖም ወርዶ ሲጋራ ለኮሰ፣ ሌላም ደገመ። በጣቶቹ መሐል የነበረው እብጠት እየከሰመ ሲሄድ መምህሩ ራሱ ተነሳ። ደምመላሽም ከራሱ ወንበር ጀርባ አስቀመጠው፤ ትንፋሽ ካጠረው የትም ሳይቆም አጣዬ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሰው እጅጋየሁ አስምላዋለች።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ የደምመላሽ አውቶቡስ ሲመለስ፣ ገና መንገደኛው ሳይወርድ መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። ደምመላሽ አውቆ ፊቱን አኮሳተረ፤ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ሆዱ አልቻለለትም።

«እስከ አጣዬ ድረስ እያንኮራፋ ተኛ። ጆሮዬን ነው የገደለኝ» አለ።

እጅጋየሁ ደረቷን ይዛ ደጁ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት «አልችልም» ያለ ሰው ትእዛዝ በጩኸት ግቢ አያቋርጥም። እጅጋየሁ በእግሯ ትሄዳለች፤ ነገሩን በስሙ ትጠራለች፤ አስካለም መልሳ ትላታለች። ለሰሊጡም የራሱ ሙቀጫ ተገዛለት፤ እትዬ ሸዋዬ ዋጋውን ሲሰሙ አጉረመረሙ፣ ግን ከፈሉ። ሾፌሮቹ «የጉርሻ ጾመኛ» የሚል ስም አወጡላት፤ ዓርብ ዓርብ ያን ስም ሳይጠሩ አይበሉም። የንስሐ አባቷ ስለዚያ ቀን ስትነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሟት፣ ከዚያም ስለ መምህሩ ጤና ጠየቋት።

መምህሩ ከወራት በኋላ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቹ ሲወርድ እዚያው ጥግ ተቀመጠ። እጅጋየሁ በደስታ ሳመችው፣ ስለ አጣዬ ጠየቀችው፣ ከዚያ እንደ አዲስ እንግዳ ጎንበስ አለች።

«ምን አይስማማዎትም?»

«አንቺ ደግሞ! ታውቂው የለም እንዴ?» አላት እየሳቀ።

«የዚያን ዕለትም አውቄው ነበር፤ ሆኖም ልገድልዎት ደረስኩ። ዛሬም ይንገሩኝ።»

ነገራት። እሷም ሌሎቹ እየተጣሩባት፣ ደምመላሽ ጥሩምባውን እየነፋባት፣ ለማንም መልስ ሳትሰጥ በጓሮ በር ወጥታ በእግሯ ግቢውን አቋረጠች።